የድሮ ፍቅረኛ በህልም ሲመጣ

ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል። ስልክ ቁጥሩ ጠፍቷል፣ ፎቶዎቹ ተሰርዘዋል፣ አዲስ ትዳር ተመሥርቶ ልጅ ተወልዷል። ከዚያ አንድ ሌሊት ያ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በህልም ይመጣና ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ህልሙን ያየችው ሴት ስትነቃ ልቧ ይመታል። አጠገቧ የተኛውን ባሏን ስታይ ደግሞ ጥፋት የሠራች ይመስል ትሸማቀቃለች።

ለጓደኛዋ ብትነግራት ከሁለት መልሶች አንዱን መስማቷ አይቀርም፦ «አስቦሽ ይሆናል» ወይም «ገና አልወጣልሽም»። የመጀመሪያው ህልሙን ከውጭ እንደመጣ መልእክት ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከውስጥ ሾልኮ እንደወጣ ምስጢር ያየዋል። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰውየው በህልም መታየቱ በራሱ ማስረጃ ነው ብለው ያምናሉ። ይህን ጉዳይ በቤተ ሙከራና በህልም ማስታወሻ ደብተሮች የመረመሩ ሰዎች የደረሱበት ሌላ ነው። መታየቱ ብቻውን ብዙም አይናገርም። የሚናገረው በህልሙ ውስጥ ምን ስሜት እንደነበረ፣ ሰውየው ከየትኛው ትዝታ ጋር ተቀላቅሎ እንደመጣና ህልም አላሚዋ ቀኑን ምን ስታስብ እንደምትውል ነው።

ጥያቄውን ከማንም በላይ በትዕግሥት የተከታተለችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮዛሊንድ ካርትራይት ናት። በቺካጎ ከተማ፣ ራሽ በተባለው የሕክምና ማዕከል የእንቅልፍ ምርምር ክፍል አቋቁማ ለአሥርት ዓመታት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በ98 ዓመቷ ስታርፍ ብዙ የሙያ ባልደረቦቿ የሚያነሱላት አንድ ትልቅ ሥራ ነበር፦ ትዳራቸው እየፈረሰ ያሉ ሰዎች በሌሊት ምን እንደሚያልሙ ያጠናችበት ሥራ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍቺን የመረጠችው በምክንያት ነው። ህልምን ለማጥናት የሚቸግረው አንዱ ነገር የሰዎች የቀን ሐሳብ መለያየቱ ነው። አንዱ ስለ ሥራው፣ ሌላው ስለ ልጁ ትምህርት፣ ሦስተኛው ስለ ዕዳው ያስባል። ትዳሩ እየፈረሰ ያለ ሰው ግን ቀን የሚያስጨንቀው ነገር የታወቀ ነው። ስለዚህ ያ ጭንቀት ወደ ሌሊቱ ይሻገራል ወይስ አይሻገርም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያም ወራት ጠብቆ ማን እንዳገገመ፣ ማን እንዳላገገመ ማየት ይቻላል።

ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነበር። ተሳታፊዋ ማታ ወደ ቤተ ሙከራው ትመጣለች። ከራስ ቅሏ ላይ፣ ከዓይኖቿ አጠገብና ከአገጯ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይለጠፋሉ። በሚቀጥለው ክፍል ያለው ባለሙያ የአንጎሏን ሞገድ፣ የዓይኖቿን እንቅስቃሴና የጡንቻዋን መላላት ሌሊቱን ሙሉ ይከታተላል። የሚጠብቀው ተመራማሪዎች ሬም የሚሉትን የእንቅልፍ ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ዓይኖች ከሽፋናቸው ሥር በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ ሰውነት ይዝላል፣ አንጎል ግን እንደነቃ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ይህ የእንቅልፍ ክፍል የተገኘው በ1953 እዚያው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በጤናማ ሰው ላይ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ገደማ እየተመላለሰ በአንድ ሌሊት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ሲሆን ሊነጋጋ ሲል ያለው ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ጠዋት ላይ የምናስታውሰው ህልም አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው።

ካርትራይት ግን የመጨረሻውን ብቻ አልፈለገችም። ተሳታፊዋን ከእያንዳንዱ ሬም እየቀሰቀሱ ከመንቃቷ በፊት በአእምሮዋ ምን ያልፍ እንደነበር ይጠይቋታል፣ መልሷን ይቀዱና እንደገና እንድትተኛ ይተዋታል። እንዲህ ሲደረግ ቤቷ ብትተኛ ኖሮ ረስታቸው የምትነቃቸው ህልሞች ጭምር ይመዘገባሉ፤ የሌሊቱ ታሪክ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ይገኛል።

በ2006 በታተመ አንድ ጥናቷ 30 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም በፍቺ ላይ የነበሩ ሲሆኑ 20ው የድብርት ሕመም ነበረባቸው፤ የተቀሩት 10ሩ ግን አልነበረባቸውም። ክትትሉ አምስት ወር ፈጀ። የመጀመሪያው ውጤት ማንም የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ቀን ስለ ቀድሞ የትዳር ጓደኛው አብዝቶ የሚጨነቅ ሰው ሌሊትም ያንን ሰው በህልሙ አብዝቶ ያያል። ሐሳብ ከቀን ወደ ሌሊት ይሻገራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ውጤት ግን ቆም ብሎ ማሰብ የሚጠይቅ ነው። በድብርት ውስጥ ከነበሩት መካከል በክትትሉ ማብቂያ የተሻላቸውና ያልተሻላቸው ሰዎች የቀድሞ የትዳር ጓደኛቸውን በህልም ያዩበት መንገድ ይለያይ ነበር። የተሻላቸው ሰዎች ህልም ታሪክ ያለው፣ የዳበረ ነበር። ስሜት ነበረበት፤ ይናደዳሉ፣ ያዝናሉ፣ ይሸበራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲሱ ቁስል ከሌሎች ትዝታዎች ጋር ተሳስሮ ይመጣ ነበር። ያልተሻላቸው ሰዎችም የቀድሞ ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን አይተዋል። ሆኖም ህልማቸው ያንን ስሜትና ያንን የትዝታ ትስስር በዚያው ልክ አልያዘም።

ካርትራይት ከዚህ ቀደም ብላ በ1991 ያወጣችው ጥናትም ወደዚሁ የሚያመራ ነበር። በመለያየቱ ሰሞን ድብርት ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል የትዳር ጓደኛቸውን በቀጥታ በህልማቸው ያዩት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ካላዩት ይልቅ ተሽሏቸውና ከአዲሱ ኑሯቸው ጋር ተላምደው ተገኙ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ይዘነው የኖርነው እምነት ይገለበጣል። የተለዩትን ሰው በህልም ማየት ቁስሉ አለመዳኑን ያሳያል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እነዚህ ጥናቶች ግን ስሜት ያለበት ህልም የመዳን ሂደት አካል ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። ማታ ባሏን በህልሟ ስትሰድብ ያደረች ሴት ምንም ሳይሰማት ከሩቅ ስታየው ካደረችው ይልቅ ወደ ፊት እየተራመደች ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት በሬም ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚሆነውን ማየት ይረዳል። በ1990ዎቹ የተጀመሩ የአንጎል ምስል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ፍርሃትንና ሌሎች ብርቱ ስሜቶችን የሚያስተናግደው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል በዚህ ሰዓት በእጅጉ ይነቃቃል። በግንባር በኩል ያለውና ነገሮችን በቅደም ተከተል የሚያሰላው፣ «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚለው ክፍል ደግሞ ጸጥ ይላል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሞተች አያት ከሥራ ባልደረባ ጋር ስታወራ እናይና አይገርመንም። የካርትራይት ሐሳብ ይህ ቅልቅል ከንቱ አይደለም የሚል ነበር። አንጎል የዛሬውን ስሜት ይዞ ያንኑ ስሜት የያዙ የድሮ ትዝታዎችን ይፈልጋል፤ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣቸዋል፤ የዛሬው ሕመምም ቀድሞ ከታለፉት ጋር ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ጫፉ ይደነዝዛል። ባሏ ጥሏት የሄደች ሴት በህልሟ አዳሪ ትምህርት ቤት በር ላይ አባቷ ትቷት ሲሄድ ብታይና የአባቷ ፊት በመሀል ወደ ባሏ ፊት ቢለወጥ፣ ካርትራይት «የዳበረ» የምትለው ዓይነት ህልም ነው።

ጥናቱን ከአቅሙ በላይ መጫን ግን ተገቢ አይሆንም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩ። ህልሙ ሰዎቹን እንዳዳናቸውም አላረጋገጠም፤ መሻል የጀመረ አእምሮ የተሻለ ህልም ያልማል ብሎ መተርጎምም ይቻላል። ደግሞም የቺካጎዎቹ ሰዎች ገና ትኩስ ፍቺ ላይ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣው እንግዳ ነው።

ለዚያ የሚያግዙት በቤተ ሙከራ የተቀዱ ህልሞች ሳይሆኑ ሰዎች ለራሳቸው ብለው ለዓመታት ያቆዩዋቸው የህልም ደብተሮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የተጠናው ባርብ ሳንደርስ በሚል የብዕር ስም የምትታወቅ አንዲት አሜሪካዊት ደብተር ነው። ሴትዮዋ ከ1960ዎቹ ጀምራ ለአሥርት ዓመታት ከ3,000 በላይ ህልሞቿን ጽፋለች። በወጣትነቷ አግብታ ሦስት ሴት ልጆች ወልዳ በ30 ዓመቷ አካባቢ ተፋታለች። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የሚሠራው ተመራማሪ ዊልያም ዶምሆፍ ደብተሯን እየቆጠረ ተነተነው። በህልሞቿ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ከእሱ ጋር ያለው ነገር ጠብ ይሁን ወዳጅነት መዘገበ። የደረሰበትን ከራሷና ከጓደኞቿ ጋር አስተያይቷል።

የቀድሞ ባሏ ከፍቺው በኋላ ለብዙ ዓመታት ከህልሞቿ አልጠፋም። ህልሞቿ ግን የናፍቆት ህልሞች ነበሩ ለማለት ያስቸግራል፤ ከቅርብ ሴት ጓደኞቿ ጋር ያላት ነገር ወደ ወዳጅነት ሲያደላ ከእሱ ጋር ያለው ወደ ጠብ ያደላል። ዶምሆፍ ከዚህና ከሌሎች ደብተሮች ያወጣው ትምህርት ቀላል ነው። በህይወታችን ትልቅ ቦታ የነበራቸው ሰዎች በህልማችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተዋናይ ሆነው ይቀጥላሉ፤ ከእነሱ ጋር የነበረን ግንኙነት ጠባይም አብሯቸው ይቆያል። የልጆቿን አባት የምታልም ሴት ልጆቿን፣ ወጣትነቷንና የመጀመሪያ ቤቷን ሁሉ አብራ እያለመች ነው። እሱን ብቻ ነጥሎ ከዚያ ዘመን ማውጣት አይቻልም።

ናፍቆት ራሱ ከጊዜ ጋር ምን እንደሚሆን ደግሞ ሌላ ጥናት ያሳያል። ሔለን ፊሸርና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ሥራ በቅርቡ በፍቅረኞቻቸው የተተዉና ገና የሚያፈቅሩ 15 ሰዎችን አንጎል በምስል ማንሻ መሣሪያ ተመለከቱ። የትቷቸው የሄደውን ሰው ፎቶ ሲያዩ ከብርቱ ፍላጎትና ከሱስ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች ይነቃቁ ነበር። ነገር ግን ከመለያየቱ ብዙ ጊዜ ያለፋቸው ሰዎች ላይ ከጥልቅ ቁርኝት ጋር በተያያዘው አንድ ክፍል የታየው እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኘ። ጊዜ ቁርኝቱን ያላላል፤ ትዝታውን ግን ከማኅደሩ አያወጣውም። ለዚህ ነው ያልናፈቀ ሰው በህልም ሊመጣ የሚችለው።

ታዲያ ለዓመታት ሳይታይ የቆየ ሰው ለምን በዚያ ሌሊት ይመጣል? አንዱ መልስ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው፤ ላለማሰብ መታገል ሊሆን ይችላል። የሃርቫርዱ ዳንኤል ዌግነርና ሁለት ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በአእምሯቸው የሚያልፈውን ሁሉ እንዲጽፉ አደረጉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሚያውቀውን አንድ ሰው እንዲመርጥ ተደርጓል። ለአንዳንዶቹ ስለዚያ ሰው አስቡ፣ ለሌሎቹ ስለዚያ ሰው በፍጹም አታስቡ፣ ለቀሩት ደግሞ የፈለጋችሁትን ጻፉ ተባለ። ጠዋት ህልማቸውን ሲጽፉ ያንን ሰው በብዛት አይተው የተገኙት እንዳያስቡ የተነገራቸው ናቸው። ሰውየው የሚማርካቸው ዓይነት ቢሆንም ባይሆንም ውጤቱ ያው ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ እዚህ ጉዳይ ላይ ትልቅ ነው። ቀን ስሙ ሲነሳ ርዕስ የምትለውጥ፣ ሠርጉን በፌስቡክ ስታይ ቶሎ የምትዘጋና «አላስበውም» ብላ የምትተኛ ሴት ሌሊት ብታየው፣ ያየችው ስለምትወደው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ገፍታው ስላደረች ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው መልስ አስታዋሽ ነገር ነው። ጠረን፣ ዘፈን፣ አንድ ሰፈር፣ ወይም ያ ዘመን የነበረውን ስሜት የሚመስል አዲስ ስሜት። በቀኑ የተፈጠረ ነገር በዚያው ሌሊት በህልም መግባቱ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎች ግን አንድ ነገር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ዘግይቶ ተመልሶ በህልም እንደሚታይም አስተውለዋል። ስለዚህ አንድን ህልም የሚመረምር ሰው ትናንትን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ወደ ኋላ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ህልም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ለማሳያ የሚሆን ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ከመጀመሪያ እጮኛዋ ከተለያየች ዘጠኝ ዓመቷ ነው እንበል። አንድ ሐሙስ ሌሊት ይህን ታልማለች። የአያቷ ቤት ጓዳ ውስጥ ናት። የቀድሞ እጮኛዋ የባሏን ኮት ለብሶ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ምንም አይናገርም። እሷ ስልኳን ትፈልጋለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት አልፏል፤ ጓዳው ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ሲነሳ ሥሩ ባዶ ነው። እሱ ይመለከታታል እንጂ አያግዛትም። እያለቀሰች ትነቃለች።

«የቀድሞ እጮኛዬን አለምኩ» ብላ ብትጀምር ህልሙ ስለ እሱ ይመስላል። ከስሜቱ ብትጀምር ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በህልሙ ውስጥ የተሰማት ፍቅር አይደለም፤ መሽቶብኛል የሚል ጭንቀትና የሚያግዝ ማጣት ነው። ቀጥሎ ሳምንቱን ትመልከት። ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት የእሱን እህት አግኝታ ሰላም ብላታለች፤ ሰውየው ወደ ህልሙ የገባበት በር ይህ ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ባሏ ለሥራ ክፍለ አገር ወጥቶ ልጆቹንም ሥራውንም ብቻዋን ይዛለች። የባሏ ኮት ከዚያ የመጣ ይመስላል። የአያቷ ጓዳስ? ልጅ ሳለች እናቷ ሥራ ፍለጋ ሄዳ እዚያ ትታት ነበር። የተለያየችው እጮኛም ችግር ሲመጣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነበር፤ የተለያዩትም በዚያ ነው። አሁን አራቱ ነገሮች በአንድ ስሜት ተያይዘዋል፦ ብቻዬን ቀረሁ። ህልሙ የዛሬውን ድካም ይዞ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመስሉትን ሰብስቧል። እጮኛው እዚያ የቆመው ያንን ስሜት ከእሱ በላይ የሚያሳይ ሰው ስለሌለ ነው።

ይህች ሴት ህልሙን «ገና ትወጂዋለሽ» ብላ ብትፈታው ትሳሳታለች። ይባስ ብሎም ለባሏ ልትነግረው የሚገባትን፣ በዚህ ሳምንት ብቻዬን ከበደኝ የሚለውን ነገር ታልፈዋለች። ህልም እንደ ፈቺው ነው የሚለው አባባል እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል። የተሳሳተ ፍቺ ሰውን ወደማይፈልገው ስልክ ቁጥር ሊመራው ይችላል።

ህልሙ በእርግጥም ናፍቆት የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ግን በሌሊቱ ሳይሆን በቀኑ ነው። የሚናፍቅ ሰው ቀንም ያስባል። የቴሌግራም ፎቶው ተለውጦ እንደሆነ ያያል፣ የሚያልፍበትን መንገድ ይመርጣል፣ አሁን ያለውን ሰው ከእሱ ጋር ያነጻጽራል፣ ከህልሙ ሲነቃ ህልም መሆኑ ያሳዝነዋል፣ ተመልሶ ቢተኛና ቢቀጥል ይመኛል። ይህ ስሜት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ካልተወውና በሚቀጥሉት ሳምንታትም ከተደጋገመ፣ ህልሙ ቀን የሚያውቀውን ነገር እየነገረው ነው። የሆነ ሆኖ ብዙዎች ከዓመታት በኋላ የሚያልሙት ህልም እንዲህ አይደለም። ስሜቱ ቁርስ ላይ ይደበዝዛል፤ ቀኑም በሌላ ሐሳብ ያልፋል።

ያልተቋጨ ስሜት ደግሞ ከናፍቆት የተለየ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ሰው ያሳስታል። ሳይነገር የቀረ ይቅርታ፣ ያልተመለሰ «ለምን?»፣ ያልወጣ ንዴት ሰውየውን ሳይፈልጉትም ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ህልም ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣል። አላሚዋ ልትናገር አፏን ትከፍትና ድምፅዋ አይወጣም፤ ወይም ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ህልሙ በየጊዜው ትንሽ እየተለወጠ ከመጣ፣ ለምሳሌ ድምፅዋ መውጣት ከጀመረ ወይም ሌሎች ሰዎች ከገቡበት፣ በካርትራይት ዓይን ይህ ደግ ምልክት ነው። ምንም ሳይለወጥ ዓመት ሙሉ ያው ከሆነ ግን ነገሩ ቆሟል። ካርትራይት ለሕክምና ወደ እሷ ለሚመጡ ሰዎች ያስተማረችው መንገድም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። መጥፎው ህልም ሲመጣ ማወቅ፣ በህልሙ ውስጥ ሰውን የሚጎዳው ነገር ምን እንደሆነ መለየት፣ ህልሙን ማቆም፣ ከዚያም መጨረሻውን መለወጥ። ይህ የሚለመደው ቀን ነው። ሰውየው ጀርባውን ሲሰጥ «ቁም፣ አልጨረስኩም» ብላ ስትናገር ራሷን በዓይነ ኅሊናዋ ደጋግማ የምታይ ሴት ህልሟንም ለመለወጥ ዕድል ታገኛለች።

ጨርሶ ለብቻው መታየት ያለበት ሌላ ሁኔታም አለ። የተለየችው ሰው ይደበድባት የነበረች ሴት እሱን በህልም ስታየው ጉዳዩ ፍቅርም ናፍቆትም አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ከድብደባ ወይም ከአስገድዶ መድፈር በኋላ የሚመጡ ቅዠቶች ከተራ ህልም የሚለዩበት ምልክት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሆነውን ነገር እንዳለ ወይም በሚመስል መልኩ ይደግሙታል፤ አላሚዋን በላብ ተጠምቃ ሊያስነሷት ይችላሉ፤ መተኛትን ራሱን ያስፈሯታል። እንዲህ ለሆነባት ሴት «አልወጣልሽም» ማለት ጭካኔ ነው። ለዚህ የተፈተነ ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ በ2001 ባወጡት ጥናት ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውና በቅዠት የሚሠቃዩ 168 ሴቶች ተሳትፈዋል። ሕክምናውን ያገኙት ቅዠታቸውን ቀን ላይ እንደፈለጉ ለውጠው እንዲያስቡና አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በአእምሯቸው እንዲያመላልሱ ተደረገ። ቅዠታቸው ቀነሰ፣ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ዘዴው በቅርብ የሥነ ልቦና ባለሙያ እገዛ ቢሠራ ይመረጣል፣ በተለይ የደረሰው ነገር ከባድ ከሆነ።

ድብርትም እንዲሁ ነው። ከመለያየት ወራት አልፈው እንቅልፍ እየተቆራረጠ፣ ምግብ እየጠላ፣ ይደሰትበት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን እያጣ የሄደ ሰው ችግሩ ህልሙ አይደለም። ድብርት ላይ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያው ሬም እንደተለመደው አንድ ሰዓት ተኩል ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ የሌሊቱ ሥርዓት ራሱ ተዛብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ህልም ፈቺ ሳይሆን ሐኪም ነው።

ቀሪው ጥያቄ አብሮ የሚኖረውን ሰው ይመለከታል። ህልሙ ይነገረው ወይስ ይደበቅ? ዲለን ሴልተርማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት 61 ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ህልማቸውንና ከፍቅረኞቻቸው ጋር የዋሉበትን ሁኔታ በየቀኑ እንዲመዘግቡ አደረጉ። በህልማቸው ከፍቅረኛቸው ጋር የተጣሉ ሰዎች በማግሥቱም ይበልጥ የመጋጨት አዝማሚያ ታይቶባቸዋል፤ ክህደት ያለሙትም ቅርበታቸውና ፍቅራቸው በሚቀጥሉት ቀናት ቀዝቅዞ ተገኝቷል። ጥናቱ ስለ አሁን ፍቅረኛ እንጂ ስለ ድሮው አልነበረም። ሆኖም የሚያሳየው ነገር ለሁለቱም ይሠራል፦ ከህልም የተረፈ ስሜት ባለቤቱ ሳያውቀው ወደ ቤቱ ቀን ይገባል። የድሮ እጮኛዋን አልማ ያለቀሰችው ሴት ጠዋት ባሏን ብትቆጣው፣ ባልየው የሚያየው ቁጣውን ብቻ ነው። ስለ ሰውየው ብዙ ሳትዘረዝር «ሌሊት መጥፎ ህልም አይቼ ነው የከፋኝ፤ ይህ ሳምንት ብቻዬን ከብዶኛል» ብትለው ግን የህልሙን እውነተኛ ክፍል ነግራዋለች። ስሙን መጨመር አለመጨመሯ ባሏ በሚቀናበት ልክና በመካከላቸው ባለው መተማመን የሚወሰን ይሆናል።